የበረዶ ማሽኑ ዕቅድ፣ ረቂቅ ሁለት፦ እስከ ሐሙስ ማታ አስተያየት ስጡ

ገንዘብ ያዥ
ረቂቅ ሁለት ይኸው። ማሽኑ ከነመግጠሚያውና ከነጥበቃ ቤቱ 4,200,000 ብር ነው። አምስት ዓመት ይሠራል ብለናል። አንዱን ብሎክ በረዶ በ60 ብር እንሸጣለን። ለመብራት፣ ለውኃና ለማጓጓዣ በብሎክ 28 ብር ይወጣል። ደመወዝ፣ ኪራይና ጥገና በዓመት 720,000 ብር ነው። የብድሩንም የራሳችንንም ገንዘብ በ16 በመቶ አስበነዋል።
ሽያጩ ጥሩ ከሆነ በዓመት 80,000 ብሎክ፣ መካከለኛ ከሆነ 70,000፣ ክፉ ከሆነ 40,000 ነው። ዕድላቸውን 30፣ 50 እና 20 በመቶ አልነው። አማካዩ 67,000 ብሎክ ይመጣል። በዚህ ሲሰላ ወጪውና 16 በመቶው ተሸፍኖ፣ በዛሬ ዋጋ 462,000 ብር ይተርፋል። ቅዳሜ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል።

ጸሐፊ
የጥበቃ ቤቱ 35,000 ብር የሚል አይቻለሁ። ለቆርቆሮ ቤት? በወፍጮ ቤቱ ጊዜም እንዲሁ ተባለ፣ ቤቱ ተሠራ፣ ጥበቃው ግን አንድም ቀን አላደረበትም። ይህ መስመር ሳይወጣ እኔ አልፈርምም።

ባለ ባጃጅ
462 ሺህ ለ42 አባል ሲካፈል 11 ሺህ ይደርሰናል። በየዓመቱ ነው ወይስ ሁሉም በአንዴ? ባጃጅ ስገዛ በወር ይህን ያህል ታስገባለህ ተብዬ ነበር። ገባም። የጎማው፣ የጥገናው፣ የቦሎው ግን አልተነገረኝም።

ኦዲተሯ
ወንድሜ፣ 462 ሺው የሚካፈል ትርፍ አይደለም። ያ ቁጥር እጃችን የሚገባበት ቀንም የለም። ሽያጩ በጥሩው መንገድ ከሄደ በአምስቱ ዓመት በዛሬ ዋጋ 1,824,000 ብር እናተርፋለን። በመካከለኛው ከሄደ 776,000 እናተርፋለን። በክፉው ከሄደ 2,367,000 ብር እንከስራለን። ሦስቱን በዕድላቸው አባዝተን ስንደምር ነው 462 ሺህ የመጣው። እንዲህ ያለ ማሽን ብዙ ቦታ የሚተክል ድርጅት በአማካይ ሊኖር ይችላል። እኛ አንድ ማሽን አንድ ጊዜ ነው የምንገዛው። ጉባኤው ሦስቱንም ቁጥር ማየት አለበት፣ አማካዩን ብቻ አሳይቶ ማስፈረም ልክ አይደለም።

ጸሐፊ
የጥበቃ ቤቱን ጥያቄ ማን ይመልስልኝ?

ባለ ባጃጅ
ወንድሜ በያጅ ነው። በ22 ሺህ ይሠራዋል።

ጸሐፊ
ይኸው! 13 ሺህ ብር የት ሊሄድ ነበር?

ገንዘብ ያዥ
የት ሊሄድ ነበር ማለት ምን ማለት ነው? ፕሮፎርማው ከሦስት ቦታ ተሰብስቦ ፋይል ውስጥ አለ። መጥተህ እይ። ሌባ ልትለኝ ከሆነ በግልጽ በለኝ።

ጸሐፊ
እኔ ሌባ አላልኩም። ማኅበሩ አንዴ ተቃጥሏል ነው ያልኩት።

የወደብ ልጅ
ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ቆርቆሮ ነው የምታወሩት። እኔ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው የምውለው፣ ልንገራችሁ። 60 ብር ሁልጊዜ የለም። ዓሣው ሲበዛና ሙቀት ሲሆን 65 ይከፍላሉ። ዓሣ ሲጠፋ ደግሞ በ55ም የሚወስድ አታገኙም።

ኦዲተሯ
ይህ ነው ዋናው ነገር። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ አንዱን ቁጥር ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ 462 ሺው ዜሮ እስኪሆን ድረስ ምን ያህል መቀየር እንዳለበት አየሁ። የብሎኩ ብዛት ከ67,000 ወደ 62,600 ገደማ ቢወርድ ያልቃል። ይህ ከ7 በመቶ ትንሽ ያነሰ ነው። የማሽኑ ዋጋ 11 በመቶ፣ ቋሚ ወጪው 20 በመቶ ገደማ ቢጨምር ነው የሚያልቀው። ዋጋው ግን በ3.5 በመቶ ብቻ። ከ60 ብር ወደ 57 ብር ከ90 ሳንቲም። ሁለት ብር ከአሥር ሳንቲም ነው ሙሉው መተማመኛችን።
ለምን ከብዛቱ ይበልጥ ዋጋው ያስፈራል? አንድ ብሎክ ሳይሸጥ ቢቀር 28 ብሩም አብሮ ይቀራል፣ የምናጣው 32 ብር ብቻ ነው። ዋጋ ሲወርድ ግን ወጪው አይወርድም። የወረደው ብር በሙሉ ከእኛ ኪስ ነው የሚወጣው። በአምስት ዓመት አንድ ብር ቅናሽ በዛሬ ዋጋ 219,000 ብር ያስወጣናል። የጥበቃ ቤቱ 35,000 ብር ደግሞ ከ16 ሳንቲም ቅናሽ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ጸሐፊ፣ ቤቱን ብታስወጣውም ዕቅዱ አይድንም፣ ብትተወውም አይሞትም።

ጸሐፊ
16 ሳንቲም ሆነም አልሆነም የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ጋሽ መምህር
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ኦዲተሯ የ2,367,000 ኪሳራ ያለችው አምስቱም ዓመት ክፉ ከሆነ ነው። የአንድ ዓመት ክፋት ዕድሉ 20 በመቶ ከሆነ፣ አምስት ዓመት ተከታትሎ ክፉ የመሆን ዕድሉ 0.2 በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ ነው። ከአሥር ሺህ ሦስት ገደማ። እንደሌለ ቁጠሩት። ጉባኤውን በዚህ ማስፈራራት አያስፈልግም።

ኦዲተሯ
ጋሼ፣ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ዓመታቱ የማይገናኙ ከሆነ። አማካዩም በሁለቱም መንገድ አይለወጥም፣ የሚለወጠው የኪሳራው ስፋት ነው። ጥያቄው ግን ክፉውን ዓመት የሚያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። መብራት መቋረጥ ከሆነ ዘንድሮ ክፉ ሆኖ ለከርሞ ሊሻል ይችላል፣ እርስዎ ያሉት ይሠራል። ሌላ ሰው ሐይቅ ዳር የበረዶ ማሽን ከተከለ ግን በሁለተኛው ዓመት አይነቅለውም። ያኔ አንዱ ክፉ ዓመት የሚቀጥለውን ይጎትታል። 20 በመቶው የትኛውን እንደሚለካ ረቂቁ ላይ አልተጻፈም። ማን እንደገመተውም አላውቅም።

ገንዘብ ያዥ
ኮሚቴው ነው የገመተው። ተቀምጠን ተስማማን።

የወደብ ልጅ
ሌላ ማሽን ከመጣ ብዛቱ ብቻ አይደለም የሚወርደው። ዋጋውም ይወርዳል። አብረው ነው የሚመጡት።

ኦዲተሯ
ትክክል። እኔ ከላይ የሠራሁት አንዱን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ነው፣ ስለዚህ ይህን አያሳይም። ብዛቱ 60,000 ዋጋው 57 ብር ቢሆን ሞከርኩት። ለየብቻቸው ሲታዩ ትንሽ ይመስላሉ። አንድ ላይ ሲመጡ 860,000 ብር ኪሳራ ነው። የክፉውን ዕድልም ፈተንኩት። ከመካከለኛው እየቀነስን ወደ ክፉው ብንጨምር፣ 20 በመቶው 35 በመቶ ገደማ ሲደርስ አማካዩ ትርፍ ያልቃል። 20 ነው ወይስ 35 ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚከራከር ሰው እዚህ አለ?

ባለ ባጃጅ
ታዲያ ይቅር በሉና እንገላገል። ወፍጮው ይበቃናል።

ሊቀመንበር
ይቅር አይባልም። የመብራት መቋረጡን መዝገብ ማን ያመጣል? ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች ጄኔሬተር ያስነሱበትን ሰዓት ይመዘግባሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ባለ ባጃጅ
እኔ አመጣለሁ። ሁለቱ ሆቴሎች ጋ ደንበኛ አለኝ። ነገ።

ጋሽ መምህር
ሁሉም ነገር ከተፈራ ምንም አይሠራም። አማካዩ ትርፍ ካሳየ እንግባ። ሒሳብ የሚለው ይህን ነው።

ኦዲተሯ
ጋሼ፣ ሒሳቡ እንዲህ የሚለው ኪሳራውን መሸከም ለሚችል ነው። የማኅበሩ ተቀማጭ 1,900,000 ብር ነው፣ ሌላው ብድር ነው። ክፉው መንገድ ከመጣ ተቀማጩ አልቆ ዕዳው ወደ አባል ቤት ነው የሚመጣው። ብዙ ገንዘብ ላለው ድርጅትና ለእኛ ያው 462 ሺህ እኩል አይመዝንም።

ጸሐፊ
ስለ ወፍጮውም እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ነበር። ለነገሩ ኦዲተሯን አመሰግናለሁ። ገንዘብ ያዥንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ፕሮፎርማውን አይቼዋለሁ፣ ትክክል ነው። ቤቱ ግን 22 ሺህ ከተገኘ ለምን 35?

ገንዘብ ያዥ
የ22ቱ ቤት ወለል የለውም። 35ቱ ወለልና በር ያለው ነው። እንዳጠፋህ ስላመንክ እኔም ረስቼዋለሁ።

የወደብ ልጅ
አንድ ሐሳብ አለኝ። ማሽን ሳንገዛ በረዶ ከከተማው ከበረዶ ቤት እየገዛን ሦስት ወር ሐይቅ ዳር እንሽጥ። በ48 ይሰጡናል ብዬ ተነጋግሬአለሁ። ዋጋው ስንት እንደሚይዝ፣ ስንት ብሎክ እንደሚሄድ በዓይናችን እናያለን። ከሁዳዴ እንጀምር፣ ዓሣ በደንብ የሚሸጠው ያኔ ነው።

ሊቀመንበር
ይህ ጥሩ ነው። ምን ያህል ያስወጣል?

የወደብ ልጅ
በረዶ የሚቀመጥበት ክፍልና መነሻ ገንዘብ፣ 150,000 ብር ይበቃል።

ኦዲተሯ
150,000 አይበዛም። ክፉ መንገድ እንደሚመጣ አስቀድመን በእርግጠኝነት ማወቅ ብንችል ኖሮ ማሽኑን አንገዛም፣ የምናመልጠው ኪሳራ በዕድሉ ሲባዛ 473,000 ብር ነው። ለሙከራ ከዚህ በላይ መክፈል በምንም መንገድ አያዋጣም፣ በዚህ ውስጥ ግን ቦታ አለን። ሙከራው ሁሉንም ስለማይነግረን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ቢሆን ይሻላል። አንድ ነገር ግን አልስማማም። ሁዳዴ ላይ ብቻ ከሞከርን የምናየው ጥሩውን ወቅት ነው። በረዶ በ65 ተሸጠ ብለን 70 በመቶ ጥሩ ብለን እንጽፋለን። ሁለት ወር ከሁዳዴ፣ ሁለት ወር ከፋሲካ በኋላ ይሁን።

የወደብ ልጅ
ከፋሲካ በኋላ እዚያ ማን ሊቆም? እኔ አልቆምም። ለኪሳራ አልወጣም።

ኦዲተሯ
የምንለካው እኮ ያንን ነው።

የወደብ ልጅ
ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲህ አይልም።

ሊቀመንበር
በቃ። ሁለታችሁም ቅዳሜ ተነጋገሩ። ባለ ባጃጅ፣ የመብራቱ መዝገብ የት ደረሰ?

ጋሽ መምህር
ከትናንት ጀምሮ እዚህ አልገባም።

ጸሐፊ
ሙከራ ከሆነ በረዶው የሚቀመጥበት ክፍል ያስፈልጋል። ክፍሉ ከተሠራ ጥበቃም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርገን በብሎኬት እንሥራ። ከወለሉ ጋር። ከተሠራ በደንብ ይሠራ።

ሊቀመንበር
በብሎኬት ስንት ይሆናል?

ጸሐፊ
80 ሺህ ገደማ። ዋጋውን እኔ አጣራለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ረቂቅ ሦስት እንዲህ ይሁን። ማሽኑ ይቆይ። ለጉባኤው ሦስቱም ውጤት፣ ከዋጋው 2 ብር ከ10 ሳንቲም ጋር፣ በአንድ ገጽ ይቅረብ። በሙከራው 150,000 ላይ የክፍሉ ተጨማሪ ወጪ ይደመር፣ 195,000 ገደማ ይሆናል። የወሩ ጉዳይ፣ ሁዳዴ ብቻ ወይስ ከፋሲካ በኋላም፣ ክፍት ነው። 20 በመቶውም ክፍት ነው፣ የመብራቱ መዝገብ እስኪመጣ።

የወደብ ልጅ
80 ለክፍል ከወጣ፣ 150ው ውስጥ የነበረው የእኔ የክፍል ሒሳብ 35 ነበር። የቀረው ለመነሻ ነው። አትንኩት።

ጋሽ መምህር
195ቱ ከዚያ የመጣ ነው። ያንኑ 473 ግን አትርሱ። ክፍሉ እንደገና ካደገ ወደዚያ እየተጠጋን ነው።

ጸሐፊ
ክፍሉ አያድግም። ጥያቄ ያለው ቅዳሜ ከስብሰባው በፊት ይምጣ፣ ልኬቱን አሳያለሁ።