«15.3 ሃንድስ» በአማርኛ ምን ይባል?

ጠያቂዋ፣ ከአዳማ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከኬንያ የሚመጣ ፈረስ የሽያጭ ውል እየተረጎምኩ ነው። ገዢው እዚሁ አዳማ ነው። ቁመቱ «15.3 ሃንድስ» ይላል። «15.3 እጅ» ብዬ ጻፍኩና ሳነበው ደነገጥኩ። በእኛ «ሦስት እጅ ይበልጣል» ሲባል እጥፍ ማለት ነው። «ስንዝር» ልበለው? ወደ ሴንቲ ሜትርስ እንዴት ይለወጣል?

የባለጋሪ ልጅ፦ የአባቴ የጋሪ ፈረስ እኮ ቁመቱ ተለክቶ አያውቅም። ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ያያል፤ ከዚያ ሰኮናውን። ጥርሱን አይታችኋል?

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ፣ እኔ ወረቀቱን ብቻ ነው የያዝኩት።

የሒሳብ መምህሩ፦ ቀላል ነው። አንዱ ሃንድ 10.16 ሴንቲ ሜትር ነው። በ15.3 ሲባዛ 155.4 ይመጣል። እሱን ጻፊ።

ጋሼ፦ መምህር፣ 10.16 ያልከው ልክ ነው። ነጥቧ ግን አስርዮሽ አይደለችም። አንድ ሃንድ አራት ኢንች ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ትርፍ ኢንቹን ነው የሚነግርሽ፣ ልጄ። ስለዚህ 15 ሃንድ 60 ኢንች ይሆናል፤ 3 ሲጨመርበት 63። በ2.54 ስታባዢው 160.02 ይመጣል። 160 ብለሽ ጻፊ። 155 ብለሽ ብትሰጪው ገዢው ፈረሱ ሲደርስ ለክቶ «ይሄ ሌላ ፈረስ ነው» ይልሻል። ከነጥቡ በኋላ 0፣ 1፣ 2 ወይም 3 ብቻ ነው የሚመጣው። 15.4 የሚል ካየሽ ጸሐፊው ተሳስቷል፤ አራተኛው ኢንች ሲሞላ 16 ይባላል።

የሒሳብ መምህሩ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። ነጥብ ሳይ አስርዮሽ መሰለኝ።

ጋሼ፦ ስንዝርም አይሆንም። ስንዝር ከሃንድ እጥፍ ይበልጣል። 15 ስንዝር የሚቆም ፈረስ ከቤት ጣሪያ በላይ ነው! የሚቀርበው ጋት ነው፤ አራት ጣት ጎን ለጎን። እሱም ከሃንድ ያንሳል። የእንግሊዞቹ አውራ ጣትንም ጨምሮ ነው።

ጠያቂዋ፦ የሚለካውስ እስከ ራሱ ነው?

ጋሼ፦ አይደለም። ራሱን ከፍም ዝቅም ያደርጋል። አንገቱ ከጀርባው የሚገናኝበት ጉብ ያለ ቦታ አለ፤ ከመሬት እስከዚያ ነው። ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። ጫማ ተመቶለት ከሆነም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ የብረቱ ውፍረት ይጨምራል።

ጠያቂዋ፦ እንግዲያው «15 ሃንድ ከ3 ኢንች (160 ሴንቲ ሜትር)» ብዬዋለሁ። የመጀመሪያውንም ቁጥር ከጎኑ ትቼዋለሁ።

የቃላት ወዳጅ፦ ሒሳቡን ተቀብያለሁ። «ሃንድ»ን ግን አልወደድኩትም። ጋት የራሳችን ቃል ነው፤ «የእንግሊዝ ጋት» ቢባል ማን ይሳሳታል?

ጋሼ፦ ገበሬው ይሳሳታል። የራሱን ጣት ነው የሚለካው።

የቃላት ወዳጅ፦ አሁንም አልተስማማሁም።