አስቸኳይ፦ ጂ+20 ሕንፃ፣ ላይኛው ፎቅ ውሃ አይወጣም፣ ታች ፍሌክሲብል ይፈነዳል

ሰናይት (የነዋሪዎች ኮሚቴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ያለ ጂ+20 አፓርታማ ነው፣ 84 ቤት። ከ17ኛ ፎቅ በላይ ሻወር ጠብ ጠብ ይላል፣ ቦይለርም አይሞላም። ምድርና አንደኛ ፎቅ ደግሞ በዚህ ሳምንት ብቻ የሦስት ሽንት ቤት ፍሌክሲብል ፈንድቶ ቤት ጎርፏል። ፓምፑ በየሰባት ስምንት ሰከንዱ ይነሳል፣ ይጠፋል። ቴክኒሻኑ «ባለ 10 ፈረስ ነው፣ ደከመ፣ ባለ 20 ግዙ» ብሎናል። ነገ ልንከፍል ነው። የትኛው ይሻላል?

ደረጀ ቧንቧ፦
ከመክፈላችሁ በፊት የፕሬዠር ታንኩን አየር እዩ። ቶሎ ቶሎ መነሳትና መጥፋት ዘጠና በመቶ እሱ ነው።

የጀሞ ልጅ፦
ለዛሬ ማታ ቀላል መላ አለ። ወደ ምድርና አንደኛ ፎቅ የሚገቡትን ቫልቮች ግማሽ ዝጉ፣ ግፊቱ ይቀንሳል።

መካኒካል፦
የጀሞ ልጅ፣ ይሄ የሚሠራው ውሃ ሲፈስ ብቻ ነው። ግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ግፊት የሚቀንሰው በውስጡ በሚያልፈው ፍሰት ነው። ሌሊት ሁሉም ቧንቧ ሲዘጋ ከቫልቩ በፊትም በኋላም ጌጁ እኩል ያነባል። ፍሌክሲብል ደግሞ የሚፈነዳው ያኔ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው።

ሰናይት፣ ፈረስ ጉልበቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሦስት ነገር ላኪልን፦ ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ምን ይላል? መውጫው ላይ ያለው ጌጅ ስንት ባር ያነባል? ከፓምፑ እስከ 20ኛ ፎቅ ሻወር ስንት ሜትር ነው?

አቤል፦
እኔም ፓምፕ አስቸግሮኛል። ጂ+2 ቤት ነው፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ታንከር ይስባል፣ ይጮኻል እንጂ ውሃ አያመጣም። ትልቅ ልግዛ?

ሰናይት፦
ፓምፖቹ ሁለት ናቸው፣ ኢንቨርተር አላቸው። ሰሌዳው በሰዓት 16 ሜትር ኩብ፣ ከፍታ 88 ሜትር ይላል። ጌጁ 7 ባር ነው። ድሮ 9 ነበር፣ ታች ሲፈነዳ ቴክኒሻኑ ባለፈው ወር ወደ 7 አወረደው። ከፍታው በፕላኑ 64 ሜትር ነው። ከታች እስከ ላይ አንድ ቋሚ ቧንቧ ነው። ቤዝመንት ያለው ታንከር 20 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ የመንግሥት ውሃ በፈረቃ ይገባበታል።

መካኒካል፦
እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። 7 ባር ማለት 71 ሜትር ያህል የውሃ ከፍታ ነው። 64ቱን መውጣት ብቻ ይበላዋል። ከቀረው 7 ሜትር ላይ ጠዋት ሁሉም ሲከፍት በቧንቧው ሰበቃ ሦስት አራት ሜትር ሲሄድ፣ 20ኛ ፎቅ የሚደርሰው ግማሽ ባር አይሞላም። ሻወር በደንብ እንዲወርድ ላይ 2 ባር ያስፈልጋል። 64 ሲደመር 20 ሲደመር 8 ለሰበቃ፣ 92 ሜትር፣ ማለትም 9 ባር። ድሮ የነበረው ልክ ነበር።

ፓምፑም አልደከመም። በጀርመኑ ዲን 1988 ክፍል 300 ስሌት፣ ለእያንዳንዱ ቤት ሻወር፣ መታጠቢያ፣ ሽንት ቤት፣ የወጥ ቤት ቧንቧና ልብስ ማጠቢያ ብንይዝ፣ የ84 ቤት ከፍተኛ ፍሰት በሴኮንድ 2.2 ሊትር ገደማ ነው። እኛ አገር ግን ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ሁሉም በርሜልና ጀሪካን ይደረድራል፣ ስለዚህ እጥፍ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ በሰዓት 16 ሜትር ኩብ። ሁለቱ ፓምፖች ሲካፈሉት ለአንዱ 8 ይደርሰዋል። ፓምፕ ደግሞ ፍሰቱ ሲቀንስ ከፍታው ይጨምራል፣ በ8 ላይ ከ88 ሜትር በላይ ይሰጣል። ባለ 20 ፈረስ ብትገዙ 7 ባር ላይ አስራችሁ ያው ጠብ ጠብ ነው፤ ለቃችሁት ደግሞ ታች የባሰ ይፈነዳል።

ጉድለቱ ሕንፃው በግፊት ዞን አለመከፋፈሉ ነው። ላይ 2 ባር ለማድረስ ምድር ቤት ከ8 ባር በላይ ይቀበላል፣ የቤት ዕቃ ግን ከ5 ባር በላይ ሊሰጠው አይገባም።

ተስፋዬ ኮንትራክተር፦
ፓምፑን እርሱት። ጣራ ላይ ሮቶ ደርድሩና በራሱ ይውረድ። መብራት ሲጠፋም ውሃ አለ።

መካኒካል፦
ጋሽ ተስፋዬ፣ የመብራቱ ነገር እውነት ነው። ግን 10 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ቶን ነው፣ ጣራው ለዚያ ካልተሠራ የስትራክቸር ሰው ፊርማ ይፈልጋል። ከሮቶው ሥር ያሉት ሁለት ሦስት ፎቆች ያለ ትንሽ ፓምፕ ግፊት አያገኙም። ምድር ቤትም ቢሆን ከ60 ሜትር የወረደ ውሃ 6 ባር ይዞ ይመጣበታል። ክፍፍሉ አይቀርም።

ተስፋዬ ኮንትራክተር፦
መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋ እንነጋገራለን።

ደረጀ ቧንቧ፦
የፕሬዠር ታንኩን አየር አያችሁ ወይ?

ሰናይት፦
አሁን ወረድኩ። ከላይ ያለችውን የአየር ቫልቭ ስጫናት ውሃ ተረጨ።

ደረጀ ቧንቧ፦
የታንኩ የውስጥ ጎማ ተቀዷል። ሆዱ ሙሉ ውሃ ከሆነ የሚለጠጥ አየር የለም፣ አንድ ሰው እጁን ሲታጠብ ግፊቱ ይወድቃል፣ ፓምፑ ይነሳል፣ ወዲያው ይሞላል፣ ይጠፋል። በተነሳ ቁጥር ቧንቧውን በመዶሻ እንደመምታት ነው፣ ፍሌክሲብሎቹን ያደከመው እሱም ጭምር ነው። ጎማውን ቀይሩ። አየር ስትሞሉ ቫልቩን ዝጉና የታንኩን ውሃ ጨርሳችሁ አፍስሱ፣ አለዚያ ጌጁ ይዋሻል። ኢንቨርተር ስላለው ከፓምፑ ግፊት 70 በመቶ ይበቃል፤ ለ7 ባር 4.9፣ ወደ 9 ስትመለሱ 6.3።

ማርታ ሳኒተሪ፦
የታንኩን ሰሌዳም እዩ። 10 ባር የሚል ከሆነ ለ9 ባር አትመኑት። ኢንቨርተሩ ተበላሽቶ ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት ዝግ መስመር ላይ ቢገፋ ከ10 ያልፋል። ባለ 16 ይሁን።

ለክፍፍሉ እንዲህ አድርጉ። ከምድር እስከ 10ኛ ያለው ታችኛው ዞን፣ ከ11ኛ እስከ 20ኛ ላይኛው ይሁን። አሮጌውን ቋሚ ቧንቧ በ10ኛና በ11ኛ መካከል ቆርጣችሁ ሁለቱንም ጫፍ ድፈኑ። ከቤዝመንት እስከ 11ኛ አዲስ መስመር በሻፍቱ አውጡና ከላይኛው ጋር አገናኙት። ባለ 75 ፒፒአር ፒኤን 20 ውስጡ 50 ሚሊሜትር ነው፣ ለላይኞቹ 40 ቤቶች ይበቃል። የግፊት መቀነሻው ቫልቭ በታችኛው መስመር መነሻ፣ ቤዝመንት ላይ ይገባል፤ 9 ገብቶ 4.8 ይወጣል። ያኔ 10ኛ ፎቅ 1.5 ባር፣ ምድር 4.4 ባር ያገኛሉ። ላይኛው ዞን 20ኛ ላይ 2፣ 11ኛ ላይ 4.6 ይሆናል።

ከቫልቩ በፊት ማጣሪያ፣ በሁለቱም ወገን ጌጅ፣ ከኋላው ደግሞ ማስተንፈሻ ቫልቭ አድርጉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሰው ሁሉ ሲተኛ የኋላውን ጌጅ ተመልከቱ። 4.8 ላይ ከቆመ ደህና ነው፤ ቀስ እያለ ወደ 9 ከተሳበ መቀመጫው ላይ አሸዋ አለ፣ ፈታችሁ እጠቡት።

የጀሞ ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ከሚቆረጥ በየቤቱ ቆጣሪ ጋ አንዳንድ ትንሽ መቀነሻ ቢገባስ?

ማርታ ሳኒተሪ፦
ከምድር እስከ 10ኛ 44 ቫልቭ ነው። ይሠራል፣ ሻፍቱ ቦታ ከሌለው እኔም እሱን እመርጣለሁ። ግን 44ቱንም ማጣሪያ ማን ያጥባል? ተከራዩስ ቁልፉን እንዳይነካ ማን ይጠብቃል?

የጀሞ ልጅ፦
አንዱ ሲበላሽ ግን የሚጎዳው አንድ ቤት ነው፣ የአንቺው ሲበላሽ 44 ቤት።

ማርታ ሳኒተሪ፦
ለዚያ ነው ሁለት ጎን ለጎን የሚደረገው።

መካኒካል፦
አቤል፣ የአንተ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ውሃ የሚገፋው 7.8 ሜትር ያህል ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ እንዳለው 10.3 አይደለም። ታንከርህ ከፓምፑ ከ5 ሜትር በላይ ከጠለቀ ትልቁም ይጮኻል። መጀመሪያ የታችኛውን ፉት ቫልቭ ፈትሽ።

ሰናይት፣ ታንከሩ ላይ አንድ ነገር፦ 84 ቤት በአራት ሰው፣ በቀን 80 ሊትር ብንል 27 ሜትር ኩብ ነው። 20ው ለአንድ ቀን አይሞላም። ውሃው ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ አለው?

ሰናይት፦
ክፍያውን አስቁመናል። ጎማውን ነገ ያመጣሉ። ሻፍቱን ከፍቼ አየሁ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሞልቶታል። ተንሳፋፊውን ግን አላየሁትም፣ የት ነው የሚሆነው?