ፊት ሲቀየር ጥርስና አይን ለምን ይደበዝዛል?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ አጭር ፊልም ላይ አንድ ተዋናይ መንታ ሆኖ ይጫወታል፣ ስለዚህ ዱብል ቀርፀን የተዋናዩን ፊት እያስገባንበት ነው፣ ሁለቱም ተስማምተው ፈርመዋል። `inswapper_128.onnx` በሚባለው ፊት ቀያሪ ሞዴል ነው የምሰራው። ክሎዝአፕ ላይ ሲስቅ ጥርሱ አንድ ነጭ ነገር ይሆናል፣ አይኑም ይፈዛል። የደበዘዘ ፊት የሚያጠራውን CodeFormer ስጨምርበት ጠራ፣ ግን ልጁ ሌላ ሰው ሆነ፣ ፍንጭቱም ጠፋ።

ካሜራው፦ የሰጠኸው ፎቶ ጥራት ነው፣ 4ኬ ፎቶ ስጠው ይስተካከላል።

ሌሊት ኤዲተር፦ ፎቶው ፊት ለፊት የተነሳና ብርሃኑ ጥሩ መሆኑ ይጠቅማል፣ 4ኬ መሆኑ ግን ምንም አይለውጥም። ሞዴሉ ፎቶህን 112 በ112 አድርጎ ያሳንሰውና 512 ቁጥር ነው የሚያወጣበት፣ ቁጥሮቹ ሰውየው ቢስቅም ባይስቅም እሱ መሆኑን እንዲለዩ የተሰሩ ስለሆኑ የጥርሱ ነገር እዛ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ከዛ ፊቱን የሚሰራው በ128 ፒክስል ነው። አፉ ከጥግ እስከ ጥግ 30 ፒክስል ቢሆን ነው፣ ስምንት ጥርስ ከታየ ለአንዱ አራት እንኳን አይደርሰውም፣ የአይኑም ጥቁር ክብ 6 ወይ 7 ናት። ያንተ ክሎዝአፕ ላይ ፊቱ 500 ፒክስል ከሆነ ይሄንኑ አራት እጥፍ እየለጠጥከው ነው።
CodeFormer ደግሞ የጎደለውን ከተማረባቸው የሰው ፊቶች ይሞላዋል፣ ልጁ የሚጠፋው እዛ ላይ ነው። `w` የሚለው ቁጥሩ ወደ 0 ሲጠጋ እንደፈለገ ይፈጥራል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ያንተን ይጠብቃል። 0.9 አድርገውና ካልጠራው ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለው።

አዲስ ገቢ፦ እኔ ጋር ደሞ ሲስቅ ሳይሆን ሲዞር ነው ፊቱ የሚንቀጠቀጠው፣ ያው ችግር ነው?

ሌሊት ኤዲተር፦ አይ ያንተ ሌላ ነው። ፊቱን የሚያስተካክለው በአምስት ነጥብ ነው፣ ሁለት አይን፣ አፍንጫና ሁለት የአፍ ጥግ፣ በጎን ሲታይ የተደበቀችው አይን ነጥብ በየፍሬሙ ትዘላለች። ነጥቦቹን በተከታታይ ፍሬሞች አማካይ አለስልሳቸው።

ጠያቂ፦ ሞከርኩት፣ አይኑ መጣ፣ ልጁም ተመለሰ፣ እህቱ አይታ "እሱ ነው" አለች። ፍንጭቱ ግን የለም። አፉን በማስክ ቆርጬ የዱብሉን ብተውስ?

ሌሊት ኤዲተር፦ ያኔ ጥርሱ ጥርት ይላል፣ ግን የዱብሉ ጥርስ ነው፣ እሱ ፍንጭት ከሌለው መንታዎቹ ይለያያሉ። ፍንጭቱን የምታገኘው DeepFaceLab በሚባለው ፊት መቀየሪያ ፕሮግራም ከራሱ ከተዋናዩ ብዙ ቪዲዮ ላይ ሞዴል ብታሰለጥን ነው፣ የአይንና አፍ ቅድሚያውን አብራ፣ ዝርዝሩን የሚያሾለውን GAN መጨረሻ ላይ ብቻ 0.1 አድርገህ አብራ፣ ቀድመህ ካስገባኸው የሌለ ነጠብጣብ ያመጣል።

እማማ ሪል፦ ልጄ፣ ለአንድ ሳቅ ቀናት ማሽን ከምታስጮህ ካሜራውን ቆልፈህ ያንኑ ልጅ በግራም በቀኝም ቅረፀውና መሃሉን ቁረጠው።

ጠያቂ፦ እማማ፣ መሃል ላይ ይተቃቀፋሉ እኮ፣ እጁ በወንድሙ አንገት ላይ ነው።