የደረጃ ቤት ግፊት፦ ላይኛው ፎቅ ላይ በሩ አልከፈት አለ

ሰላም መሐንዲሶች፣ እባካችሁ እርዱኝ። በእሳት ጊዜ ጭስ እንዳይገባ በፋን አየር የሚገፋበት የባለ 20 ፎቅ ሕንፃ ማምለጫ ደረጃ ሥራ አስቸግሮኛል።

በሩ 0.9 በ2.1 ሜትር ነው። በሮቹ ሁሉ ሲዘጉ 50 ፓስካል እንዲኖር ፈልጌ ለእያንዳንዱ በር 0.01 ካሬ ሜትር ክፍተት ያዝኩ፤ በድምሩ 0.2 ይሆናል። በ `Q = 0.83·A·√ΔP` ሲሰላ ወደ 1.2 ሜትር ኩብ በሰከንድ መጣ። አንድ በር ሲከፈት አየሩ በ0.75 ሜትር በሰከንድ እንዲወጣ ደግሞ ሌላ 1.4 ስለሚያስፈልግ ፋኑን 2.6 መረጥኩ። በሮቹ ሲዘጉ ትርፉ በግፊት ማስተንፈሻው እንዲወጣ ነበር ሐሳቤ።

ችግሩ ፋኑ ጣሪያ ላይ፣ ማስተንፈሻው ምድር ቤት መሆኑ ነው። ታች 40 ፓስካል ስለካ 20ኛ ፎቅ ላይ 88 ሆነ። የበሩን እጀታ በስፕሪንግ ሚዛን ስስበው 135 ኒውተን ጠየቀ፤ የተፈቀደልን 100 ነው። ስሌቱም ይስማማል፦ ግፊቱ ብቻ 90፣ መዝጊያው ስፕሪንግ 45። (መዝጊያውን ማላላት ቀላል ነበር፣ ግን ያኔ በሩ ራሱ አይዘጋም።)

መጀመሪያ የሙቀት ልዩነት መስሎኝ ነበር። ፋኑን አጥፍቼ ስለካ ግን በላይና በታች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 10 ፓስካል ወረደ፤ ስለዚህ ዋናው ምክንያት አየሩ በደረጃው ሲወርድ የሚገጥመው ተቃውሞ ይመስለኛል።

ማስተንፈሻውን ወደ ላይ ባዛውረው ታች በር ሲከፈት ፍጥነቱ ይበቃል? ወይስ ዳክት አውርጄ አየሩን በየጥቂት ፎቁ ላስገባ? የፋኑን ፍጥነት በግፊት ሴንሰር የሞከራችሁስ፣ በር ሲዘጋ ቶሎ ይመለሳል?