የእንኳን ደህና መጡ ኢሜይሎች፦ ለቦርዱ የምናቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ሂሩት (ጸሐፊ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቦርዱ ከመሰብሰቡ በፊት ሐሳባችንን እዚሁ እንጨርሰው። መነሻችን የእንቁጣጣሹ ዝግጅት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ጠረጴዛችን ላይ 214 ሰው በወረቀት ተመዘገበ። ስሙን ኮምፒውተር ላይ ገልብጠን እስክንጨርስ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ የእንኳን ደህና መጡ ኢሜይል ላክን። 23ቱ አድራሻው ትክክል ስላልሆነ ተመለሰብን፣ 191 ደረሰ። ሲስተሙ 118 ሰው ከፍቶታል ይላል። ድረ ገጻችን ላይ ከፍለው አባል የሆኑት ግን 9 ብቻ ናቸው። ይህ ሁሉ ሰው ከፍቶ አይቶት ለምን አልከፈለም?

ናሆም
62 በመቶ ሰው ከከፈተው ርዕሱ ሠርቷል ማለት ነው። ችግሩ ያለው ውስጡ ነው፤ ጽሑፉ በጣም ረዝሟል። ሁለት ዓይነት ደብዳቤ እናዘጋጅ። ግማሹ ሰው አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ያግኝ። ብዙ ሰው ያስከፈለውን እንይዛለን።

ዮናታን
ናሆም፣ ጽሑፉ መርዘሙ እውነት ነው። 62 በመቶው ግን አያስተማምንም። ሲስተሙ «ተከፈተ» የሚለው ደብዳቤው ውስጥ ያለች ዓይን የማታያት ትንሽ ምስል ስትጫን ነው። አፕል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይፎኑ ሜይል ላይ የግላዊነት ጥበቃ አስገብቷል። ሰውዬው ያንን ከመረጠ ደብዳቤውን ባያየውም አፕል ምስሉን ቀድሞ ይጭነዋል። እኛ ጋ «ከፈተው» ተብሎ ይመዘገባል።

ዝርዝሩን አውጥቼ አየሁት። ከ118ቱ 74ቱ በዚህ መንገድ የተቆጠሩ ናቸው። ከነሱ ስንቱ እንዳነበበው የምናውቅበት መንገድ የለም። የተገላቢጦሹም አለ። ስልኩ ምስል እንዳይጭን ያደረገ ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነብም አይቆጠርም። ደብዳቤው ከ102 ኪሎባይት በላይ ከሆነ ደግሞ ጂሜይል ጭራውን ይቆርጠዋል። ምስሏ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀመጠው እዚያ ጭራው ላይ ነው።

ስለዚህ የመከፈት ቁጥሩን ለአንድ ነገር ብቻ እንጠቀምበት። የጂሜይል ሰዎች መክፈታቸው ከአንዱ ደብዳቤ ወደ ሌላው ድንገት ቢያሽቆለቁል ስፓም ውስጥ እየገባን ሊሆን ይችላል። ከዚያ ያለፈ ነገር አይነግረንም። ሊንኩን የነኩት 31 ሰዎች ናቸው። እኔ የማምነው እሱን ነው።

ጋሽ መንግሥቱ (ገንዘብ ያዥ)
ልጆቼ፣ 9 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከበዓሉ በኋላ እኮ እኔ ጋ በዜል የላኩ አሉ። ሌላም ነገር አለ። አምና ማስታወሻ ስንልክ፣ ከፍሎ የጨረሰ ወንድማችን «እስካሁን አባል አልሆኑም» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ደውሎ «ገንዘቤ የት ገባ?» አለኝ። ያን ቀን አፈርኩ። ይህ እንዳይደገም።

ዮናታን
ጋሼ፣ ትልቁን ነገር ነገሩን። ማታ መዝገብዎን ልከውልኝ ከ214ቱ ስም ጋር አመሳከርኩት። 6 ሰው ተጨማሪ አገኘሁ። ሁለቱ በባለቤታቸው ስም ስለከፈሉ ስልክ ቁጥራቸውን አይቼ ነው የለየኋቸው። ስለዚህ የከፈለው 9 ሳይሆን 15 ሰው ነው። ከደረሳቸው ከ191ዱ ስናሰላው 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። ድረ ገጹን ብቻ ብናይ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር።

እኔ ግን በ214 ብናካፍለው እመርጣለሁ። 7 በመቶ ይመጣል። 23ቱ የጠፉት የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ስላቃተን ነው። እነሱም የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ከሒሳቡ ካወጣናቸው ጥፋታችን ይሸፈናል።

ወ/ሮ አልማዝ (ቅዳሜ ትምህርት)
እኔ ለወላጆች በየሳምንቱ ከራሴ ጂሜይል እልካለሁ። ሁሉም ያነባሉ፣ ይመልሱልኛልም። የማኅበሩም በእኔ አድራሻ ቢሄድ አይሻልም?

ዮናታን
እትዬ አልማዝ፣ የእርስዎን ወላጆቹ ያውቁዎታል። የጅምላ መላኪያ ሲስተም «ከእገሌ ጂሜይል ነው» ብሎ ሲልክ ግን ጂሜይል እንደ አስመሳይ ሊያየው ይችላል። በማኅበሩ ዶሜይን መላክ አለብን። SPF እና DKIM የሚባሉትን ማረጋገጫዎች እኔ እሞላለሁ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ከእርስዎ የምንወስደው ሰዎቹ የሚመልሱልዎትን ነገር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ገንዘብ አይጠይቅ። «የተመዘገቡት ለምንድን ነው? ለልጅዎ ትምህርት፣ ለእድር ወይስ ለሌላ?» ብሎ መልስ ብቻ ይጠይቅ። የመለሰልን ሰው ቀጣዩን ደብዳቤ ኢንቦክሱ ውስጥ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል። እኛም ለማን ምን እንደምንጽፍ እናውቃለን።

ናሆም
እሺ። ሁለቱን ደብዳቤ ማወዳደሩስ ቀረ?

ዮናታን
በእኛ ቁጥር አይሆንም። 8 በመቶውን ወደ 12 የሚያደርስ ደብዳቤ ጻፍክ እንበል። ልዩነቱ የዕድል አለመሆኑን ለማወቅ በእያንዳንዱ ወገን 900 ሰው ገደማ ያስፈልግሃል። እኛ 107 በ107 ነን። አንዱ ጋ 8፣ ሌላው ጋ 12 ሰው ቢከፍል አንድ ቤተሰብ አብሮ ስለከፈለ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረን ብንወስን እንሳሳታለን። ትልልቁን ነገር አንዴ እንቀይርና ቀጣዩን ዝግጅት ካለፈው ጋር እናስተያይ። ፍጹም አይደለም። በዓሉ ራሱ ሊለያይ ይችላል።

ሂሩት (ጸሐፊ)
እስካሁን ያልነውን በረቂቅ አስገብቼዋለሁ፣ አስተካክሉልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ታብሌት ይኖራል፤ ሰው አድራሻውን ራሱ ይጽፋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ወዲያው፣ ሰውዬው ገና አዳራሹ ውስጥ እያለ ይደርሰዋል። በ3ኛው ቀን የቅዳሜው ትምህርትና የእድሩ ታሪክ በአጭሩ ይሄዳል። በ7ኛው ቀን መዋጮው፣ አንድ ሊንክ ብቻ ይዞ። በ14ኛው ቀን አጭር ማስታወሻ፣ ከዚያ ይቆማል። ሁሉም ደብዳቤ የመውጫ ሊንክና የፖስታ አድራሻችን ይኖረዋል። የተመዘገበ ሁሉ 30 ቀን ከሞላው በኋላ ይቆጠራል። ትናንት የገባውን ከወር በፊት ከገባው ጋር አንደባልቅም።

ዮናታን
በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ደብዳቤ ላይ ያለው ሊንክ መለያ ይኑረው። የትኛው እንዳስከፈለ የምናየው በዚያ ነው፦

```
/join?utm_source=welcome&utm_medium=email&utm_campaign=day7
```

ለ14ኛው መጨረሻውን `day14` ማድረግ ነው። ዜልን ግን ይህ አይዝልንም። ጋሼ፣ የከፈሉትን ስም ሁልጊዜ ሰኞና ሐሙስ ማታ ቢልኩልኝ ከዝርዝሩ አወጣቸዋለሁ። የመዋጮ ደብዳቤዎቹን የምንለቀው ከዚያ በኋላ፣ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይሁን። ቀኑ በአንድ ሁለት ቢዛነፍ ምንም አይደለም።

ጋሽ መንግሥቱ (ገንዘብ ያዥ)
ሰኞና ሐሙስ እልካለሁ። ዜልን ግን ለቁጥር ብላችሁ አታስቀሩብኝ። በካርድ ሲሆን ከእያንዳንዱ ክፍያ ተቆራጭ አለ፣ በዜል ሙሉው ይገባል።

ሂሩት (ጸሐፊ)
ጋሼ፣ አናስቀርም። ግን የዜል መልእክት ቦታው ላይ ስልክ ቁጥራቸውን እንዲጽፉ እንጠይቅ?

ጋሽ መንግሥቱ (ገንዘብ ያዥ)
ጠይቁ። ግማሹ አይጽፍም።

ወ/ሮ አልማዝ (ቅዳሜ ትምህርት)
ቋንቋውን አልወሰንንም እኮ። ብዙ ወጣት ወላጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም። በሁለት ቋንቋ ከጻፍነው ደግሞ ናሆም እንዳለው ይረዝማል።

ናሆም
ሲመዘገቡ ታብሌቱ ላይ በየትኛው እንደሚፈልጉ ይምረጡ።

ወ/ሮ አልማዝ (ቅዳሜ ትምህርት)
ሁሉም እንግሊዝኛን ቢመርጡስ? አማርኛ ልናስተምር ነው እኮ የምንጠራቸው። ይህችን ለቦርዱ ሳናቀርብ እሑድ ተገናኝተን እንነጋገርባት።