«ኢሲን»ን ወደ አማርኛ ስንመልስ፦ «እርስዎ» ወይስ «እናንተ»?

የሂርማታዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ እዚህ ጅማ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይመረቃል፣ አንድ አባት በኦሮምኛ የሚያደርጉትን ንግግር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎች፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ይቀመጣሉ። መሀል ላይ «ኢሲን ገለቴፈና» የሚል አለ። ኦሮምኛው አንድ ትልቅ ሰውንም ብዙ ሰውንም በ«ኢሲን» ይጠራል፣ እኔ ግን ከ«እናመሰግንዎታለን» እና ከ«እናመሰግናችኋለን» አንዱን መምረጥ አለብኝ። ምን ትላላችሁ?

አዌቱ ዳር፦ ሽማግሌ እስካለ ድረስ በአክብሮቱ ሂጂ። «እናንተ ይግቡ፣ እናንተ ይቀመጡ» በይ፣ ማንም አይቀየምም።

ብራና፦ አክብሮቱ ልክ ነው፣ አማርኛው ግን አይሄድም። «እርስዎ» ብዙ ቁጥር የለውም። «እናንተ» ካልሽ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ነው። ለተሰበሰበ ሰው «ይግቡ» ስትይ «እነሱ ይግቡ» የተባለ ይመስላል፣ ሰዉም ዞር ዞር ብሎ ማን እንደተጠራ ይፈልጋል። አክብሮቱን ከግሱ አንሥተሽ መጥሪያው ላይ አድርጊው፦ «የተከበራችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ እናመሰግናችኋለን»። «የተከበሩ» ብለሽ በ«እናመሰግናችኋለን» ከጨረስሽ ግን መጀመሪያው ስለ ሰዎቹ፣ መጨረሻው ለሰዎቹ ይሆንብሻል። አሁን ዋናው፣ ከ«ኢሲን» በፊት ማን ነው የተጠራው?

የሂርማታዋ፦ ከላይ መሬቱን የሰጡትን ሰውዬ «ኦቦ» ብለው በስማቸው ይጠሯቸዋል።

ብራና፦ እንግዲያው «አቶ እገሌ፣ እናመሰግንዎታለን»። ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ሲዞሩ መጥሪያውን ሳትደግሚ ወደ «እናንተ» እንዳትሻገሪ፣ ሰውዬው ክብራቸው የተነሣ ይመስላቸዋል።

እናት ቡና፦ እኔ አማቴን «አንቱ» እላቸዋለሁ፣ ልጆቼ ግን «የድሮ ነው» እያሉ ያርሙኛል። ስህተት ነው እንዴ?

ብራና፦ እናቴ፣ ምንም ስህተት የለውም፣ እኛ ሰፈርም ይባላል። መድረክ ላይ ግን «እርስዎ» ይሻላል።

የሂርማታዋ፦ ሌላም አለኝ። «ኢሳን ኑ በርሲሰን» የሚል አለ። አንድ መምህር ይሁኑ ብዙ መምህራን አልገባኝም።

ብራና፦ እዚህ አማርኛው ያግዝሻል። «አስተማሩን» ለ«እሳቸው»ም ለ«እነሱ»ም አንድ ነው፣ «እናመሰግናቸዋለን»ም እንደዚያው። ተውላጠ ስሙን ጣይው። ፊት ለፊት ላለ ሰው ግን መደበቂያ የለሽም፣ «-ዎ» ወይ «-ችሁ» ይመጣል። ከቻልሽ ግን አባትየውን ደውለሽ ጠይቂያቸው፣ አንድ ሰው ከሆኑ ስማቸው ቢጠራ ደስ ይላል።

የሂርማታዋ፦ ደውዬ ነበር፣ አንድ መምህር ናቸው፣ በሕይወት የሉም። «መምህራችን አስተማሩን» ብዬ ጻፍኩ። አሁን የቀረኝ ተሸላሚዋ ተማሪ ናት። ኦሮምኛው «አቲ» ይላታል።

አዌቱ ዳር፦ «አንቺ» ነው እንጂ፣ ልጅ ናት።

ብራና፦ እኔም «አንቺ» እል ነበር፣ አባትየው ሲናገሩት የአባት ወግ አለው። ግን ንባቡ በአንቺ አፍ ነው፣ ኃላፊዎች ፊት አስተርጓሚ አንዲትን ተማሪ «አንቺ» ሲላት ይከብደኛል። «ተማሪያችን እንኳን ደስ አላት» ብዬ በሦስተኛ ሰው አልፌው አውቃለሁ።

አዌቱ ዳር፦ ያኔ ለልጅቷ የተባለው ስለ ልጅቷ ሆነ። እኔ አልስማማም።