ቃለ ጉባኤው ላይ የምርጫውን ምክንያት እንዴት ልጻፍ?

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ አባልና ጸሐፊ ነኝ። ለኮምፒውተር ጥገና ባወጣነው ጨረታ ቴክኒካሉ 60፣ ዋጋው 40 ነጥብ ይይዛል። አንደኛው ተጫራች በቴክኒካል ከመቶ 90 አግኝቶ 1,200,000 ብር፣ ሁለተኛው 75 አግኝቶ 960,000 ብር አቀረቡ። ዝቅተኛው ዋጋ ለተጫራቹ ዋጋ ተካፍሎ በ40 ሲባዛ፣ የአንደኛው ድምር 54 እና 32፣ ማለትም 86 ሆነ፤ የሁለተኛው 45 እና 40፣ ማለትም 85።

ነገር ግን ከ90ው ውስጥ 5ቱ የተሰጠው ወርክሾፑ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ነው። ይህ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያልሰፈረ መስፈርት ነው! ቢቀነስ የአንደኛው ድምር 51 እና 32፣ ማለትም 83 ይሆንና አሸናፊው ይለወጣል። ሰብሳቢያችን ግን «የተሻለ ብቃት ስላለው» ብለህ ጻፍ ይሉኛል፤ ቅሬታ ቢቀርብ ይህ ምክንያት አይቆምም፣ ለሁለተኛውም ፍትሕ አይደለም። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ፣ ነጥቡ እንዲታረም በምን አገላለጽ ላስፍረው? ካልተስማሙስ የልዩነት ሐሳቤን ከነስሌቱ ጽፌ ልፈርም?